ምጣዱ ለምን አይሞቅም? የሠላሳ ሰከንድ ማስታወሻ

ሳምንት 1፣ ሰኞ

የምጣድ ጥገናው ቪዲዮ ከወጣ አምስት ቀን ሆነው። 1,240 ጊዜ ተከፍቷል። ርዝመቱ 9 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ገብቼ ተመልካች እስከ የት እንደቆየ የሚያሳየውን መስመር ከፈትኩ። 30ኛው ሰከንድ ላይ የቀረው 38 በመቶ ብቻ ነው። ከመቶ ሰው 62ቱ ካቻቢቴ ሳላነሳ ሄዷል ማለት ነው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የመክፈቻው መስሎኝ ነበር። መስመሩን በጣቴ እየገፋሁ ሰከንድ በሰከንድ ሳየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። እስከ 4ኛው ሰከንድ ትንሽ ይወርዳል፤ ይህ በስሕተት የነኩትና ርእሱን አይተው ሌላ ነገር የጠበቁት ናቸው፤ በማንኛውም ቪዲዮ ላይ አለ። ከዚያ እስከ 10ኛው ሰከንድ ሜዳ ነው፣ ሰው አይሄድም። ከ10ኛው እስከ 33ኛው ሰከንድ እንደ ደረጃ ይወርዳል። ከ33ኛው በኋላ ደግሞ እንደገና ቀስ ያለ ቁልቁለት ይሆንና እስከ መጨረሻው 24 በመቶ ይዞ ይዘልቃል።

እንግዲህ መክፈቻው፣ ማለት መንጠቆው፣ ሰው ይዟል። ሥራውም ያደረሱትን ይዟል። ሰው ያለቀው በሁለቱ መካከል ነው። በመካከሉ ምን እንዳለ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤

ከ0 እስከ 10፦ ምጣዱ፣ ምጣዱን ያመጡት ሴትዮ ድምፅ፣ «ሬዚስታንሱ ሙሉ ይቀየር ተባልኩ» ሲሉ።
ከ10 እስከ 15፦ የቻናሉ ምልክት እየተሽከረከረ፣ ከሙዚቃ ጋር።
ከ15 እስከ 26፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ በአገር ውስጥም ከአገር ውጭም ያላችሁ...»
ከ26 እስከ 33፦ ሰብስክራይብ፣ ላይክ፣ ሼር፣ ምስጋና።
33፦ ምጣዱ ተገልብጦ ሥራ ይጀምራል።

ሃያ ሦስት ሰከንድ። ወረቀት ላይ ሲታይ ያሳፍራል። ለዚያ የሚሽከረከር ምልክት ደግሞ 2,500 ብር ከፍያለሁ።

ሳምንት 1፣ ሐሙስ

ዩቲዩብ ላይ የወጣን ቪዲዮ በሌላ ፋይል መተካት አይቻልም። እንደገና ከጫንኩት አዲስ ሊንክ ይሆናል፤ የታየበት ቁጥርም አስተያየቱም ከዜሮ ይጀምራል። ስቱዲዮው ውስጥ ያለው መቁረጫ ግን ከመካከል ማውጣት ይችላል፤ ሊንኩም አስተያየቱም ባለበት ይቆያል። ከ10 እስከ 33 ያለውን ቆርጬ አስቀመጥኩት። ለውጡ ወዲያው አይታይም፤ ማታ አስቀምጬው ጠዋት ነው ተቆርጦ ያገኘሁት።

ሱቁ ውስጥ ለነበሩት ለሦስት ሰዎች ከመጀመሪያው ጀምሬ አሳየኋቸው። ምንም አልነገርኳቸውም። 10ኛው ሰከንድ ላይ አብሮኝ የሚሠራው የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሌላ ቪዲዮ ጀመረ እንዴ?» አለ።

ልክ ነው። መክፈቻውን የቀረጽኩት ሴትየዋ ምጣዱን ያመጡ ዕለት፣ በር ላይ፣ በጠዋት ብርሃን ነው። ሥራውን የቀረጽኩት በማግስቱ፣ ውስጥ፣ በአምፖል ነው። ሸሚዜ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ፣ ምጣዱም ሌላ ይመስላል። በመካከል የነበረው ሰላምታ ይህን ስፌት ሸፍኖት ኖሯል። ሰላምታውን ሳነሳ ስፌቱ ወጣ።

መቁረጥ ብቻውን አልበቃም ማለት ነው። መክፈቻውና ሥራው አብረው መቀረጽ አለባቸው። ተመሳሳይ ብልሽት ያለው ምጣድ እስኪመጣ መጠበቅ ሊኖርብኝ ነው።

ሳምንት 2፣ ረቡዕ

ብዙ አልጠበቅኩም። ይህ ብልሽት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ምጣዱ ፈጽሞ አይሞቅም፤ ባለቤቱ ሬዚስታንሱ የተቃጠለ ይመስለዋል፤ ችግሩ ግን ሬዚስታንሱ ከገመዱ ጋር የሚገናኝበት ሞርሴቶ ላይ ነው። ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል። ብሎኑ ትንሽ ከላላ መገናኛው ይግላል፤ ምጣዱ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር የበለጠ ይላላል፤ መዳቡ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ይለያያል። ሽቦው ደህና ሆኖ ምጣዱ ይሞታል።

በዚህኛው ሙከራ መክፈቻውን አሳጠርኩ። የጠቆረችውን ብሎን በጣም አቅርቤ ቀረጽኩና፣ «ምጣዳችሁ የማይሞቀው በዚህች ብሎን ምክንያት ነው» አልኩ። ስድስት ሰከንድ። ከዚያ ቀጥታ ሥራ። ምልክት የለም፣ ሰላምታ የለም። አንድ ቦታ፣ አንድ ብርሃን፣ አንድ ሸሚዝ።

ሳምንት 2፣ እሑድ

900 ጊዜ ታይቷል። 30ኛው ሰከንድ ላይ 51 በመቶ። ደስ አለኝ፤ ለሩብ ሰዓት ያህል።

ቀጥሎ ያለውን መስመር ሳይ ቁልቁለቱ አያቆምም። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ 22 በመቶ። የመጀመሪያው ቪዲዮ እዚያው ቦታ ላይ ከዚህ ይሻል ነበር። አማካይ የቆይታ ጊዜው 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መልሱን በስድስተኛው ሰከንድ ሰጥቻለሁ። ብሎን ማጥበቅ ማን ያቅተዋል? አመስግኖ ሄደ። ሰውየውን መውቀስ አልችልም፤ እኔም ብሆን እሄዳለሁ። የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ችግሩ ሞርሴቶው ላይ መሆኑን ሳይለካ ምጣዱን የሚገለብጥ አለ። የጠቆረውን ጫፍ ሳይቆርጥ ብሎኑን ብቻ አጥብቆ የሚተወው አለ፤ በወሩ ተመልሶ ይቃጠልበታል። የፕላስቲክ ሞርሴቶ ገዝቶ የሚያስገባም አለ፤ እዚያ ሙቀት አጠገብ ፕላስቲክ ይቀልጣል፤ የሸክላው ነው የሚሆነው። ይህ ሁሉ ያለው ከሦስተኛው ደቂቃ በኋላ ነው፤ እዚያ የደረሰ ሰው ደግሞ የለም።

ስለዚህ የ30ኛው ሰከንድ ቁጥር ብቻውን ያታልላል። ከዚህ በኋላ ሁለት ቁጥር አብሬ እጽፋለሁ፦ 30ኛው ሰከንድና ሁለተኛው ደቂቃ። የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ሁለተኛው ከወረደ መክፈቻው ዕቃውን በሙሉ በር ላይ ዘርግቶታል ማለት ነው።

ሳምንት 3፣ ማክሰኞ

ሱቅ ውስጥ ደንበኛ የሚገረምበትን ቅጽበት አስታወስኩ። ብሎኑን ሳሳየው አይደለም። ከዚያ በፊት፣ ስለካ ነው።

ስለካ የሚሆነው ይህ ነው። ስፒናው ከግድግዳው ተነቅሏል። ቴስተሩን በስፒናው ሁለት እግሮች ላይ ሳደርግ ምንም የለም፤ መንገዱ ተቋርጧል። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ «ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል» ይላል። ምጣዱን ገልብጬ ሞርሴቶውን አልፌ በራሱ በሬዚስታንሱ ሁለት ጫፎች ላይ ስለካ 14 ኦም ያነባል። ይህ ጤነኛ ቁጥር ነው፤ በ220 ቮልት ወደ 3,500 ዋት ይሰጣል። ሽቦው ደህና ነው፤ ምጣዱ ግን አይሞቅም። ደንበኛው እዚህ ጋ ነው አንገቱን ሰገግ አድርጎ «ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» የሚለው።

መክፈቻዬ ያ ጥያቄ መሆን አለበት። ጥያቄው በቃል ብቻ ተወርውሮ የሚቀር አይደለም፤ በዓይኑ ያየው ነገር አላስማማ ብሎት ራሱ የሚጠይቀው ነው። ለመልሱ ደግሞ አንድ እርምጃ እዚያው እጄ ላይ አለ፤ ጥያቄውን ያነሳው መለካት ራሱ የሥራው መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ከመንጠቆ ወደ ሥራ መሻገሪያ ድልድይ አያስፈልገኝም።

ሳምንት 3፣ ሐሙስ

ቀረጽኩ፤ አልሆነም። የእኔ ቴስተር መንገድ ሲቋረጥ በግራ በኩል `1` ብቻ ያሳያል። ባለሙያ ያውቀዋል። የእህቴ ልጅ ለእናቱ አሳያት፤ «አንድ ከሆነ ትንሽ አለው ማለት ነው፣ አሥራ አራት ከሆነ ብዙ አለው ማለት ነው» ብላ ተረዳችው። ከፋሁ። በመክፈቻ ላይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ማስረጃ ማስረጃ አይደለም። ማብራሪያውን ልጨምር ብል ስምንት ሰከንድ ይበላል፤ እነዚያ ስምንት ሰከንዶች ደግሞ ካወጣሁት ሰላምታ አይሻሉም።

ሌላው ችግር ድምፅ ነው። ጎረቤቴ ጄኔሬተር አስነስቶ ነበር፤ የስልኩ ማይክ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ጄኔሬተሩን ይሰማል። ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ በ1,800 ብር ገዛሁ።

ሳምንት 3፣ ቅዳሜ

መፍትሔው ቴስተሩ ላይ ነበረ። የድምፅ መለኪያው ላይ አደረግኩት። 14 ኦም ላይ የእኔው ይጮኻል፤ መንገድ ሲቋረጥ ዝም ይላል። ይህን ማንም ይረዳዋል፤ ቁጥር አያስፈልገውም። ቁጥሩን በአራተኛው ደቂቃ፣ ሰው ከተቀመጠ በኋላ እናገራለሁ።

አንድ እንቅፋት ብቻ፦ ዩቲዩብ ስልክ ላይ የመነሻ ገጹን ስታወርዱት ቪዲዮውን ድምፅ አጥፍቶ ማጫወት ይጀምራል። በድምፅ ብቻ የቆመ መክፈቻ እዚያ ላይ ዲዳ ነው። ስለዚህ በትልቅ ፊደል «ዝም» እና «ይጮኻል» የሚሉ ሁለት ቃላት ምስሉ ላይ ጨመርኩ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሞክሬ ነበር፤ ሰው ጽሑፉን ሲያነብ እጄን አያይም፤ ተውኩት።

የመጨረሻው ቅደም ተከተል እንዲህ ሆነ፤

0–4፦ ቴስተሩ ስፒናው ላይ። ዝም። «ይህ ምጣድ ሞቷል፣ ሬዚስታንሱ ይቀየር ተብሏል።»
4–8፦ ምጣዱ ተገልብጧል፤ ቴስተሩ ራሱ ሬዚስታንሱ ላይ። ይጮኻል። «ሬዚስታንሱ ግን ደህና ነው።»
8–12፦ እጄ ቴስተሩን በሁለቱ መካከል ባለው መንገድ ላይ ያንቀሳቅሳል። «ስለዚህ በስፒናውና በሬዚስታንሱ መካከል የሞተ ነገር አለ። ሦስት ቦታ ነው ያለው፤ አንድ በአንድ እንየው።»
12–22፦ የመጀመሪያው ቦታ፣ ስፒናው ራሱ፤ ተፈትቶ ይታያል። ደህና ነው።
22–25፦ እጄ ቀጣዩን ብሎን እየፈታ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ ሱቄ ውስጥ ነን።»
25–30፦ ሁለተኛው ቦታ፣ ገመዱ፤ ቴስተሩ ይጮኻል። ደህና ነው።

በ30ኛው ሰከንድ ከሦስቱ ሁለቱ ተሰርዘዋል። ተመልካቹ የት እንደደረሰ ያውቃል፤ የቀረው አንድ ቦታ እንደሆነ ያውቃል፤ ግን እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚታደስ ገና አላየም። ሁለቱን ቦታዎች ቀድሜ ማለፌ ለማዘግየት ብዬ አይደለም፤ እኔም በእውነት የምለካው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ ስፒና መፍታት ምጣድ ከመገልበጥ ይቀላል። እዚህ ላይ ግን ማታለሌን ልመን፤ ለመክፈቻው ሲባል ምጣዱን ቀድሜ ገልብጫለሁ። በሱቅ ሥራ መጀመሪያ ስፒናውን እፈታለሁ።

ከ0 እስከ 30 እጄ ከምስሉ አይወጣም። ካሜራው አንድ ጊዜ ብቻ ቦታ ይቀይራል። ይህን ለማግኘት አሥራ አንድ ጊዜ ደጋግሜ ቀርጫለሁ፤ ዘጠኙ የተበላሹት ሌላ ነገር ስለተናገርኩ ነው። አፌ ሲጀምር አያቆምም። በመጨረሻ የምናገረውን በካርቶን ላይ ጽፌ ከካሜራው ኋላ ሰቀልኩት፤ ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሙከራ ሆነ።

ሳምንት 4፣ ሰኞ

የመጀመሪያዋ የምጣድ ባለቤት ለሌላ ጉዳይ መጥተው አዲሱን ቪዲዮ አሳየኋቸው። እስከ መጨረሻው አዩትና፣ «ጥሩ ነው ልጄ፣ ግን ሰላምታውን ምን ዋጠው? ሰው ቤት እንዲህ ነው የሚገባው?» አሉኝ።

«አለ እትዬ፣ ሃያ ሁለተኛው ሰከንድ ላይ» አልኩ።

«ብሎን እየፈቱ ሰላምታ!» አሉና ሳቁ።

ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም። አስተያየት ላይም ሁለት ሰዎች ጽፈውታል። የእኛ ሰው ያለ ሰላምታ የጀመረን ሰው ይታዘበዋል። ግን መስመሩ የሚለው ሌላ ነው፤ የታዘቡት ሁለቱ አስተያየት ለመጻፍ እስከ መጨረሻው ቆይተዋል፤ ረጅሙ ሰላምታ ያሰለቻቸው ምንም ሳይጽፉ ነው የሄዱት። ሰላምታዋን አላነሳትም፤ አላስረዝማትምም።

ሳምንት 4፣ ዓርብ

1,600 ጊዜ ታይቷል። 30ኛው ሰከንድ ላይ 64 በመቶ፤ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ 47። አማካይ ቆይታ 4 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። 22ኛው ሰከንድ ላይ፣ ሰላምታዋ ጋ፣ መስመሩ አይነቃነቅም። 12ኛው ላይ ትንሽ ጎደሎ አለ፤ ካሜራው ቦታ የሚቀይርበት ነው፤ ለግማሽ ሰከንድ ጠረጴዛው ባዶውን ይታያል። ያን ግማሽ ሰከንድ አላስተዋልኩትም ነበር።

ሳምንት 5፣ ረቡዕ

ቁጥሩ ወረደ። 64 የነበረው 55 ሆነ። ምንም አልነካሁም።

ደነገጥኩና አንድ የማይረባ ነገር ሠራሁ፤ የፊት ምስሉን ቀየርኩት። ቴስተሩና ምጣዱ የነበረውን አውጥቼ እሳት የሚተፋ ስፒና አደረግኩ። በሁለት ቀን የሚከፍተው ሰው ጨመረ፤ 30ኛው ሰከንድ ግን ወደ 49 ወረደ። አወራረዱ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ ከ0 እስከ 4 ባለው ላይ እንደ ገደል። እሳት ተስሎለት የገባ ሰው ዝም ያለ ቴስተር ሲያይ ተመልሶ ወጣ። ገደሉ በመጀመሪያዎቹ አራት ሰከንዶች ውስጥ ከሆነ ጥፋቱ ቪዲዮው ውስጥ አይደለም፤ በር ላይ ተለጥፎ ያለው ነው። የቀድሞውን ምስል መለስኩ።

ከዚያ ነው የተመልካች ምንጭ የሚለውን ገጽ የከፈትኩት፤ መጀመሪያ መክፈት የነበረብኝ እሱን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አብዛኛው የመጣው ከፍለጋ ነው፤ «ምጣድ አይሞቅም» ብሎ የጻፈ፣ ቤቱ የሞተ ምጣድ ያለው ሰው። እሱ በመክፈቻ አይታለልም፣ በመክፈቻም አይሄድም። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ዩቲዩብ ራሱ ቪዲዮውን መነሻ ገጽ ላይ ማውጣት ጀመረ፤ የሚያየውም ምጣዱ ደህና የሆነ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቶሎ ይሄዳል። ቁጥሩ የወረደው ቪዲዮው ስለደከመ አይደለም፤ እንዲያውም ስለተስፋፋ ነው። የፍለጋው ሰዎች አማካይ ቆይታ ለብቻው ሲታይ እንደነበረ ነው።

ሁለት ቪዲዮ ሳወዳድር ከአሁን በኋላ የሁለቱንም የመጀመሪያ ሳምንት እወስዳለሁ፤ ምንጫቸውንም ጎን ለጎን አደርጋለሁ። ከጥቂት መቶ እይታ በታች ያለውን ደግሞ አላነብም፤ አሥር ሰው ሲሄድ መስመሩ ይናወጣል።

ሳምንት 6፣ ማክሰኞ

ያንኑ አሠራር ወደ ካውያ ወሰድኩት። ሠራ፤ ካውያም ውስጡ ፊውዝ አለው፤ «ማሞቂያው ደህና ነው፣ ካውያው ግን አይሞቅም» ብሎ መጀመር ይቻላል። 30ኛው 61።

በሳምንቱ የውሃ ማፍያ ጀበና ነጭ ቅርፊት አነሳስን በዚያው መንገድ ሞከርኩ፤ ወደቀ፤ 44። መስመሩን ሳይ ሰው የሄደው ጥያቄውን በማነሳበት ቦታ ነው። «ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ጀመርኩ። ሁሉም ያውቀዋል፤ የውሃ ኖራ ነው። የሌለ ምስጢር ለማስመሰል ስምንት ሰከንድ አጥፍቻለሁ። እዚያ ላይ የሚሠራው ሌላ ነው፤ ቅርፊት የያዘውን ጀበና ለሁለት ሰከንድ አሳይቶ ወዲያው ሎሚ ጨምቆ ውሃ ማፍላት።

ነገ ጠዋት ጄኔሬተሩ ሳይነሳ ጀበናውን እንደገና እቀርጻለሁ። ሎሚ ሦስት ተገዝቷል፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሰላምታዋ ደግሞ ውሃው ሲፈላ ትገባለች።